ሎፒታልን ትቼ ሽቦ ያነሣሁበት ቅዳሜ

ደብረ ብርሃን ውስጥ የ12ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ለብዙ ዓመት sin x / x የሚለውን ሊሚት በሁለት መስመር ነበር የማልፈው። x ወደ 0 ሲጠጋ ላዩም ታቹም 0 ይሆናል፤ በሎፒታል ሕግ የሁለቱንም ዴሪቬቲቭ ውሰዱ፤ cos x / 1 ይመጣል፤ መልሱ 1። ከዚያ ጠመኔዬን አስቀምጬ ወደሚቀጥለው ጥያቄ።

አንድ ቀን ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የ sin x ዴሪቬቲቭ cos x መሆኑን ግን በምን አወቅን?»

ይኼማ ቀላል ነው ብዬ ከትርጉሙ ጀመርኩ። (sin(x+h) − sin x)/h ብዬ ጻፍኩ፤ sin(x+h)ን ዘረዘርኩ፤ የሚመሳሰሉትን ሰበሰብኩ። ሰሌዳው ላይ የቀረው ይህ ነበር፦

sin x · (cos h − 1)/h + cos x · (sin h)/h

እዚያው ቆምኩ። መጨረሻ ላይ የተቀመጠው sin h / h ያው ልናገኘው የተነሣንበት ነገር ነው። ሊሚቱን ለማግኘት ዴሪቬቲቩን እጠራለሁ፤ ዴሪቬቲቩን ለማግኘት ሊሚቱን። ችካል ላይ እንደታሰረች ጥጃ ስዞር ኖሬያለሁ ማለት ነው። ሎፒታል የተሳሳተ መልስ አልሰጠኝም፤ የሰጠኝ መልስ ግን ማስረጃ አልነበረም። «ነገ እመጣበታለሁ» ብዬ ወጣሁ። ልጅቷ ሳቋን ስታፍን አይቻታለሁ።

ማታ ቤቴ ሥዕሉን ሠራሁ። ማዕከሉ O፣ ራዲየሱ 1 የሆነ ክብ። ክቡ ላይ A እና P የሚባሉ ሁለት ነጥቦች፤ በ OA እና በ OP መካከል ያለው ማዕዘን x፣ በራዲያን። ከ P ወደ OA ቀጥ ብሎ የሚወርደው መስመር OAን የሚነካበትን ነጥብ H አልኩት፤ PH ማለት sin x ነው። ከ A እስከ P ያለው ቀስት ርዝመቱ x ነው፤ ራዲያን ማለት ይኸው ነውና። ቀጥሎ A ላይ ክቡን ነክቶ የሚቆም መስመር አወጣሁ፤ OPን ወደ ውጭ ሳራዝመው T ላይ ተገናኙ። AT ደግሞ tan x ነው።

ሦስት ርዝመቶች ጎን ለጎን ቆሙ፦ PH፣ ቀስቱ፣ AT። PH ከቀስቱ ያጥራል፤ ቀስቱ ከ AT ያጥራል፤ አለቀ አልኩ። በማግስቱ እንደዚያው አቀረብኩት።

ከኋላ አንድ ልጅ ተነሣ፤ ቤተሰቦቹ ደብረ ሲና ናቸው። «ቲቸር፣ PH ከቀስቱ ማጠሩ ይታየኛል፤ አቋራጭ ሁሌም ያጥራል። ቀስቱ ከ AT ማጠሩን ግን በምን አወቅን? ቀስቱ እኮ ጠመዝማዛ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን መንገድ ሲያዩት ቅርብ ይመስላል፤ ሲሄዱበት ግን አያልቅም።»

እውነቱን ነው። ጠማማ መስመር በሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች መካከል ስለተያዘ ብቻ ርዝመቱ በመካከላቸው ይሆናል ማለት አይቻልም። በቃ በጠባብ ቦታ ውስጥ እየተጠማዘዘ የፈለገውን ያህል ሊረዝም ይችላል። ሥዕሉ ላይ ቀስቱ ከ AT ያጠረ ቢመስለንም ዓይን ምስክር አይሆንም።

መፍትሔው ርዝመትን ትቶ ስፋትን ማወዳደር ነው። ለምን ስፋት እንደተመረጠ የገባኝ ያን ቀን ነው። OAP የሚባለው ሦስት ማዕዘን ሙሉ በሙሉ የድፎ ዳቦ ቁራሽ በሚመስለው ሴክተር ውስጥ ነው። ሴክተሩም ሙሉ በሙሉ OAT በሚባለው ትልቅ ሦስት ማዕዘን ውስጥ ነው። ርዝመት ይጠማዘዛል፤ ስፋት ግን ከያዘው ነገር ሊበልጥ አይችልም። በማሳው ውስጥ ያለ መደብ ከማሳው አይበልጥም።

ትንሹ ሦስት ማዕዘን መሠረቱ 1፣ ቁመቱ sin x ስለሆነ ስፋቱ sin x / 2 ነው። ትልቁ በዚያው ስሌት tan x / 2 ነው። ሴክተሩስ? የሙሉው ክብ ስፋት π፣ ሙሉው ማዕዘን 2π ነው፤ ስለዚህ የ x ድርሻ x/2 ይሆናል።

(እዚህ ላይ ተጠራጣሪ ሰው «የክብ ስፋት π መሆኑንስ ከየት አመጣኸው?» ሊል ይገባዋል። በኢንተግራል ሳይንን አስገብቶ የሚያወጣው ሰው ተመልሶ ችካሉን ይዞራል። አርኪሜዲስ ግን ካልኩለስ ሳይኖር የክብ ስፋት ከአንድ ቀጤ ሦስት ማዕዘን ስፋት ጋር እኩል መሆኑን አሳይቷል፤ የሦስት ማዕዘኑ አንዱ ጎን ራዲየሱ፣ ሌላው የክቡ ዙሪያ ነው። በዚያ ከተደገፍን ደኅና ነን።)

ሁሉንም በ2 አባዝተን sin x < x < tan x እናገኛለን። x ከ0 በላይ፣ ከ π/2 በታች ስለሆነ sin x ፖዘቲቭ ነው፤ ብናካፍልበት ምልክቱ አይገለበጥም። 1 < x / sin x < 1 / cos x ይመጣል። ሲገለበጥ፦

cos x < sin x / x < 1

x ኔጋቲቭ ሲሆን sin(−x)/(−x) ያው sin x / x ስለሆነ ሌላ ሥራ የለም። x ወደ 0 ሲጠጋ cos x ወደ 1 ይሄዳል፤ በመካከል የተጨመቀው መሄጃ የለውም።

ልጆቹ ካልኩሌተር አወጡ። አንዱ sin(0.1) ÷ 0.1 መትቶ 0.01745 አገኘና «ቲቸር፣ 1 አልመጣም» አለ። ካልኩሌተሩ ዲግሪ ላይ ነበር። ሆኖም ስሕተቱ ጥሩ ስሕተት ነው። በዲግሪ ስንሠራ የሴክተሩ ስፋት x/2 መሆኑ ይቀርና πx/360 ይሆናል፤ ሊሚቱም π/180 ነው፤ እሱም 0.01745 ነው። ራዲያን የሚያስፈልገው መልሱ 1 እንዲሆን ነው። 0.017 ካያችሁ ሒሳባችሁን ሳይሆን ካልኩሌተራችሁን ፈትሹ።

ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በትልቁ እንሥራው ብዬ ጠራኋቸው። ታኅሣሥ ነበር፤ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፤ እጅ ይቆረጥማል። የናይለን ገመድ በችካል አስሬ 10 ሜትር ራዲየስ ላዞር ብል ሲወጠር 10 ሜትር ከ15 ሆነ። ዘበኛው ቆመው ሲያዩ ቆይተው «መምህር፣ ናይለን እኮ ይለጠጣል፤ ሽቦ ይውሰዱ» ብለው የኤሌክትሪክ ሽቦ አመጡልኝ። በኖራ ቀስቱን አሰመርን፤ ሌላ ሽቦ በኖራው ላይ አስተኝተን 2 ሜትር ለካን። ራዲየሱ 10፣ ቀስቱ 2 ስለሆነ x = 0.2 ነው። ቀጥ ያለውን ማዕዘን በግንበኛ እስኳድራ ያዝን።

PHን ስንለካ 1 ሜትር ከ98 እና ከ99 መካከል ወጣ፤ በስሌት 1.987 ነው። ደስ አለን። ቀስቱን ወደ 1 ሜትር ስናሳጥረው ግን ነገሩ ተበላሸ። በስሌት PH 99.83 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከቀስቱ ጋር ያለው ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የኖራው መስመር ከዚያ ይሰፋል። የምንፈልገው x በጣም ትንሽ ሲሆን ያለውን ነገር ነው፤ ሜትር ደግሞ የሚከዳን እዚያው ላይ ነው።

ሆኖም ሜዳው ላይ ሌላ የሚለካ ነገር አገኘሁ፤ አስቀድሜ አላሰብኩትም ነበር። ከ H እስከ A ያለችው ትንሽ ክፍተት። ቀስቱ 2 ሜትር ሲሆን 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ 1 ሜትር ሲሆን 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆነች። ቀስቱ በግማሽ ሲያጥር ክፍተቷ ወደ ሩብ ወረደች። ይቺ ክፍተት በራዲየስ 1 ስትታሰብ 1 − cos x ናት፤ ከ x ካሬ ጋር ነው የምትሄደው። ልጆቹ ቁጥሩን ካዩ በኋላ ስሌቱን ሰሌዳ ላይ ስሠራው ማንም አላንቀላፋም፦ (1 − cos x)/x²ን ላይና ታች በ 1 + cos x አባዛሁ፤ ላዩ sin²x ሆነ፤ (sin x / x)² · 1/(1 + cos x) ቀረ፤ ሊሚቱ 1/2። በ0.2 ብንሞክረው 10 × 0.04 / 2 = 0.2 ሜትር ነው፤ የለካነው 20 ሳንቲ ሜትር።

ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ዝርያዎች በአንድ ጥያቄ ነው የማስተምራቸው፦ ሳይኑ ውስጥ ያለውና ታች ያለው አንድ ነው ወይ? እሱስ ወደ 0 ይሄዳል ወይ? sin 3x / x ሲመጣ ብዙዎቹ sin 3xን 3 sin x ብለው ይጽፋሉ፤ መልሱ በአጋጣሚ 3 ስለሚሆን ስሕተቱ ይደበቃል። እኔ መልሱን ብቻ አርሜ ሙሉ ነጥብ ስሰጥ ነው የኖርኩት። አሁን ታች 3 እንዲያስገቡና 3 · sin 3x / 3x ብለው እንዲጽፉ አስገድዳለሁ። x ወደ π ሲጠጋ sin x / (x − π) ሲጠየቁ ደግሞ ሳይኑ ውስጥ ያለውና ታች ያለው አይመሳሰሉም፤ sin x = −sin(x − π) ብለው ካስተካከሉ በኋላ −1 ያገኛሉ።

ከሁሉ የከፋው ወጥመድ (tan x − sin x)/x³ ነው። «ሁለቱም ወደ x ይጠጋሉ፤ x − x ዜሮ ነው» ብለው 0 ይመልሳሉ። በማባዛትና በማካፈል ሳይንን በ x መተካት ይቻላል፤ በመቀነስ ውስጥ ግን አይቻልም፤ የምንፈልገው የተረፈችውን ልዩነት ራሷን ነውና። tan xን ስናወጣ tan x (1 − cos x) ይሆናል፤ በ x³ ሲካፈል 1 · 1/2። ያቺን ቅዳሜ ሜዳ ላይ የነበሩት ልጆች ይህን ሳይከራከሩ ተቀበሉ፤ ATንና PHን ለክተው ነበርና። ቀስቱ 2 ሜትር ሲሆን ልዩነታቸው 4 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ 1 ሜትር ሲሆን ግን በስሌት 5 ሚሊ ሜትር፣ ስምንት እጥፍ ያነሰ። ያቺን 5 ሚሊ ሜትር ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠው ልጅ በማስመሪያ ለመለካት ተንበርክካ ስትሞክር ውርጩ ቀልጦ ኖራውን አጥቦት ነበር።