ከቅኔ ተማሪዎቹ ቪዲዮ ሥር የገጠመን

ደብረ ማርቆስ ላይ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር የዩቲዩብ ቻናል ይዘናል። በቅርቡ የቅኔ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ሲለምኑ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቅን። አንድ ሰው «ይሄ ትምህርት ነው ወይስ ልመና? ሥራ አጡ እንዴ?» ብሎ ጻፈ። በማግስቱ ስንከፍተው ከሥሩ የስድብ መዓት ወርዶበታል።

እኔን ያሳዘነኝ የእሱ ቃል አይደለም። የእኛው ሰዎች ናቸው። «ፀረ ማርያም» ያሉት አሉ፤ እናቱን የሰደቡም አሉ። ሰውዬው እኮ ሃይማኖቱን እንኳ አልተናገረም።

መጀመሪያ የእሱን ልናጠፋ ነበር። ግን ዋናው አስተያየት ሲጠፋ ከሥሩ ያሉት መልሶች አብረው ይጠፋሉ። ከመልሶቹ መካከል ደግሞ የሁለት የቀድሞ ተማሪዎች ጥሩ ማብራሪያ ነበረ። ስለዚህ ተውነው። ፌዙ ውስጥ ጥያቄ አለና በቻናሉ ስም አንድ ጊዜ ብቻ መለስን፦ «ወንድማችን፣ ተማሪው ከቤተሰቡ ርቆ ነው የሚማረው። የዕለት ጉርሱን የሚያገኘው ከመንደሩ ሰው ነው፤ ልመናው ትሕትናም ይማርበታል።» ከዚያ የሰደቡትን የእኛን ሰዎች ቃል አጠፋን። ከቪዲዮው ሥርም «ሐሳብን መተቸት ይቻላል፤ ሰውን፣ ቤተሰቡንና ሃይማኖቱን መስደብ አይቻልም፤ ለእኛ የቆመም ቢሆን» ብለን ከላይ ሰካነው።

ቀጥሎ «Blocked words» የሚለውን ዝርዝር ሞላን። እዚያ የተጻፈ ቃል ያለበት አስተያየት ወዲያው አይወጣም፤ «Held for review» ውስጥ ተይዞ ይጠብቀናል። ችግሩ የእኛ ፊደል ነው። «ፀረ» ብለን ስንሞላ «ጸረ» አመለጠን። «መናፍቅ» ስንል «መናፍቃን» አለፈ፤ `menafik` ብሎ የሚጽፍም አለ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቃል በየአጻጻፉ ለየብቻ ማስገባት ግድ ሆነብን።

አንድ ስህተት ሠርተናል። ሰው ስለሚሰደብበት «ውሻ»ንም ጨመርን። ከሳምንት በኋላ የተያዙትን ስናይ ብዙዎቹ የድሮ ተማሪዎች ትዝታ ናቸው። «ስለምን ውሻ የነከሰኝ ጠባሳ እስካሁን አለ» ያሉ አንድ አባትም ነበሩ። አብነት ተማሪ ስለ ልመና ሲያወራ ውሻን ሳያነሳ እንዴት ይሆናል! ቃሉን አወጣነው፣ የአባን ጽሑፍም አሳለፍን። የተያዘ አስተያየት የሚቆየው እስከ 60 ቀን ብቻ ስለሆነ አሁን በየሁለት ቀኑ ማታ፣ ሁለት ሆነን እናያለን። ብቻዬን ተናድጄ እንዳልወስን ነው ሁለት የሆንነው።

ሦስት ጊዜ የተሳደበውን «Hide user from channel» እንለዋለን። የሚጽፈውን ሌላው አያየውም፤ ለእሱም ማስታወቂያ አይደርሰውም፤ ስለዚህ «ለምን ከለከላችሁኝ» የሚል አዲስ ጠብ አይነሳም። እስካሁን ይህ የደረሰባቸው አራት ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ «ለእምነቴ ነው የምከራከረው» የሚሉ ናቸው።