በ5,000 ብር ምን ይቅደም?

አዳማ፣ እሁድ ማታ

ቤቷ ውስጥ ምግብ እየሠራች በስልኳ የምትቀርጽ አንዲት ጀማሪ እናስብ። እጇ ላይ ያለው 5,000 ብር ብቻ ነው። ሱቅ ስትገባ መጀመሪያ የሚያሳዩዋት ክብ መብራት ነው፤ ያበራል፣ ያምራልም። እኔ ግን ብሩን የምከፍለው እንዲህ ነው፦ ለማይክ እስከ 1,500፣ ለስልክ ማቆሚያ እስከ 1,500፣ የቀረው ለጊዜው አይነካም።

ማይክ የሚቀድመው በርቀት ምክንያት ነው። ስልኩ ሜትር ተኩል ርቆ ሲቆም የእሷ ድምፅ፣ የውጭው ባጃጅና የባዶ ግድግዳው ማስተጋባት ተቀላቅለው ይገባሉ። ከአፍ የሚወጣ ድምፅ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ የክፍሉ ጫጫታ ግን የትም ቢቆሙ ያው ነው። ልብስ ላይ የሚቆነጠጥ ባለገመድ ማይክ ከአገጭ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ይህን ይፈታል። በሽርጡ ላይ ከውጪ በኩል ይሰካ፤ ከነጠላ ወይም ከአንገት ልብስ ጋር ከተፋተገ ቅጂው በሙሉ ኮሽታ ይሆናል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ የማይኩን ስፖንጅ አልፎ ይገባል፤ ደጅ የሚቀረጽ ከሆነ ፀጉራም ሽፋን ያስፈልጋል።

ብር በከንቱ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ለስልክ የተሠራ ማይክ ጃኩ ላይ ሦስት ቀለበት አለው፤ ሁለት ቀለበት ያለው ለካሜራ የተሠራ ስለሆነ ስልኩ ላያነበው ይችላል። ጃክ የሌለው ስልክ የታይፕ-ሲ ማገናኛ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ማገናኛ ግን ድምፅ ያወጣል እንጂ አያስገባም። ስለዚህ ስልኩን ይዞ ሄዶ እዚያው ሱቅ መቅዳትና ማይኩን በጥፍር ጫር ጫር ማድረግ ነው። መልሰው ሲያዳምጡት ጭረቱ ጎልቶ ካልተሰማ ስልኩ የቀዳው በራሱ ማይክ ነው ማለት ነው።

ብርሃን ከመስኮት በነፃ ይገኛል። ፊትም ድስቱም ወደ መስኮቱ ይዙሩ፣ አምፖሉ ይጥፋ (ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲደባለቅ ወጡ ቀለሙን ያጣል)፤ በጨለመው ጎን ነጭ አንሶላ ይሰቀል። ክብ መብራት የሚያስፈልገው ማታ ብቻ መቅረጽ ለሚችል ሰው ነው።

ማቆሚያው ከላይ ወደ ድስቱ ማየት ስላለበት አግድም ክንድ ያለው ይመረጥ። ስልኩ ወደፊት ሲወጣ ማቆሚያው ይገለበጣል፤ በተቃራኒው በኩል ባለሁለት ሊትር ውሃ የሞላ ፕላስቲክ ማንጠልጠል ይበቃዋል።

ከቀረው 2,000 ብር ቀድሞ የሚወጣው ምናልባት ለሚሞሪ ነው። በ1080p የሚቀረጽ አንድ ደቂቃ በብዙ ስልኮች ላይ ወደ 130 ሜጋባይት ይወስዳል፤ የግማሽ ሰዓት ቀረጻ ወደ 4 ጊጋባይት ይጠጋል። ስልኩ ሽሮው መንተክተክ ሲጀምር «ቦታ የለም» ካለ፣ ያቺን ቅጽበት ለመድገም ሌላ ሽሮ መሥራት ነው።