ሰባት ዓመት

የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቷን በከፍተኛ ውጤት ጨርሳ ትምህርት ክፍል ልትመርጥ ነው። «አክስቴ፣ ሕክምና ሰባት ዓመት ይፈጃል። ባዮቴክኖሎጂ ገብቼ ተመራማሪ ብሆን ይሻለኛል» አለችኝ።

ወረቀት አውጥተን ደመርን። የመጀመሪያ ዲግሪ አራት፣ ማስተርስ ሁለት፣ ዶክትሬት ቢያንስ አራት፤ አሥር ዓመት! በሕክምና ደግሞ በሰባተኛው ዓመት ጠቅላላ ሐኪም ሆና መሥራት ትችላለች፤ ስፔሻሊቲው በኋላ ይመጣል። ተመራማሪ ግን በአራተኛው ዓመት ላይ ብትቆም ገና ተመራማሪ አይደለችም። ይህን ማንም አልነገራትም ነበር።

ከዚያ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ ይዣት ሄድኩ። እንደ ዕድል ሆኖ (የእኔ ክፉ ዕድል) ዲኤንኤ የምናባዛበት የፒሲአር ሙከራዬ ውጤት ተበላሽቶ ጠበቀን። ናሙና ያልጨመርንበት ቱቦ ምንም መስመር ማሳየት አልነበረበትም፤ የተባዛው ዲኤንኤ በመስመር መልክ የሚታይበት ጄል ላይ ግን ደማቅ መስመር ወጥቷል። አንዱ ግብዓት በባዕድ ዲኤንኤ ተበክሏል ማለት ነው። የሦስት ቀን ሥራ ወደ ቆሻሻ።

ትደነግጣለች ብዬ ነበር። ጄሉ ላይ አጎንብሳ «ውሃው ነው ወይስ ፕራይመሩ? አንድ በአንድ ብንቀይር አይታወቅም?» አለች። ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ከዚያ አልተነሳችም። የትምህርት ክፍል መምረጫ ቅጹን እስካሁን አልሞላችም።