«ቡናው አፍንጫ አለው እንዴ?»፦ የስድስት ሳምንት ማስታወሻዬ

ራሴን በስልክ እየቀዳሁ እንግሊዝኛ መለማመድ ከጀመርኩ ስድስት ሳምንት ሞላኝ። ማታ የደሴ ብርድ ሲጠና ጋቢዬን ደርቤ አምስት ደቂቃ ያህል ስለ ውሎዬ አወራለሁ፤ ጠዋት አዳምጬ የሳትኩትን ደብተር ላይ አሰፍራለሁ። የመጀመሪያውን ሳምንት ገጽ የሞላው አንድ ዓይነት ስህተት ነበር፤ «ዌል» ማለት ሲገባኝ «ጉድ» እላለሁ። «ማይ ሲስተር ኩክስ ጉድ»፣ «አይ ስሌፕት ጉድ»። ከጓዳ ሆና የምትሰማኝ እናቴማ አንድ ማታ «ደግሞ ምን ጉድ መጣ?» ብላ ብቅ አለች።

ሳስበው ጥፋቱ ከአማርኛዬ ነው የመጣው። «ጥሩ ወጥ» እንላለን፣ «ወጥ ጥሩ ትሠራለች»ም እንላለን። ስም ፊትም ግስ ፊትም ያው «ጥሩ» ነው፤ ቅርጹ አይለወጥም። እንግሊዝኛው ግን ሁለት ቃል አለው፤ «ሺ ኢዝ ኤ ጉድ ኩክ»፣ ግን «ሺ ኩክስ ዌል»። «ክዊክ» እና «ክዊክሊ» ላይ ብዙም አለመሳቴ ገርሞኝ ነበር። እዚያ ላይ አማርኛውም ይለያል፤ «ፈጣን መኪና» እንጂ «ፈጣን መጣ» የሚል የለም፤ «ፈጥኖ መጣ» ወይም «በፍጥነት መጣ» ነው። «ሪል» ላይ ደግሞ ተመልሼ ወደቅኩ። «የእውነት ወርቅ»ም «የእውነት ያምራል»ም በአንድ ቃል ስለሚሄድልን «ኢት ኢዝ ሪል ቢዩቲፉል» ያመልጠኛል። አሜሪካኖች በወሬ መሃል «ሪል ጉድ» ሲሉ ትሰሙ ይሆናል፤ ፈተናና ማመልከቻ ላይ ግን «ሪሊ» ነው የሚጻፈው።

መፍትሔ ብዬ የያዝኩት ተማሪ ቤት የተማርነውን ነበር፤ «ምን ዓይነት?» ለሚለው የሚመልሰው ቅጽል፣ «እንዴት?» ለሚለው የሚመልሰው ተውሳከ ግስ። ሠራልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ስህተቱ ግማሽ ሆነ። እኔም ልቤ አበጠ።

እሑድ ዕለት ላሊበላ የሚያስጎበኝ ጓደኛዬ መጥቶ ቡና ተፈላ። እናቴ የቆላችውን ቡና ጭሱ ሳይበርድ አዙራ ስታሸትተን «ዘ ኮፊ ስሜልስ ዌል!» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ጓደኛዬ ሳቀ። «ቡናው አፍንጫ አለው እንዴ?»

«እንዴት ይሸታል? ጥሩ። ስለዚህ ዌል ነዋ» ብዬ ተከራከርኩ። እሱ ግን «እንዴት» የሚለው ጥያቄ እዚህ ጋ እንደሚያሳስት አሳየኝ። «ዌል» የሚናገረው ድርጊቱ እንዴት እንደተከናወነ ነው፤ ስለዚህ እኔ ያልኩት ቡናው ማሽተት ይችልበታል፣ እንደ አዳኝ ውሻ፣ ማለት ሆነ። ቡናው ግን ምንም አልሠራም። «ስሜልስ» እዚህ ቦታ ላይ የ«ነው»ን ሥራ ነው የሚሠራው፤ ቡናውን ከጠባዩ ጋር ያገናኛል። ጠባይን የሚገልጸው ደግሞ ቅጽል ነው፤ «ዘ ኮፊ ስሜልስ ጉድ»።

የሰጠኝ መፈተሻ ግሱን አውጥቶ «ኢዝ» መተካት ነው። «ዘ ኮፊ ኢዝ ጉድ» ቢባል ሐሳቡ ብዙም አይናጋም፤ ስለዚህ ቅጽል። «ማይ ሲስተር ኩክስ ዌል» ላይ ሞክሩት፤ «ማይ ሲስተር ኢዝ ዌል» ይሆንና ስለ ወጡ መናገሩን ትቶ «እህቴ ደህና ናት» ይላል። ሐሳቡ ተሰበረ፣ ስለዚህ ተውሳከ ግሱ ይቆይ። (ለጤና ሲሆን «ዌል» ራሱ ቅጽል ነው። «አይ ፊል ዌል» ደህና ነኝ፣ «አይ ፊል ጉድ» ደስ ብሎኛል ለማለት ይቀርባል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው።)

በዚህ የሚፈተኑት በተለይ የስሜት ሕዋስ ግሶች ናቸው፤ ስሜል፣ ቴስት፣ ሉክ፣ ሳውንድ፣ ፊል። ችግሩ እነዚሁ ግሶች አንዳንዴ እውነተኛ ድርጊት ይሆናሉ። እናቴ አቦሉን ስትቀምስ ድርጊቱ የእሷ ነው፤ «ሺ ቴስትድ ዘ ኮፊ ክዊክሊ»። ቡናው ሲጣፍጥ ግን «ዘ ኮፊ ቴስትድ ጉድ»። ያው ግስ፣ አንዱ ጋ ሰው እየሠራ፣ ሌላው ጋ ነገሩ እየተገለጸ። «አይ ፊል ባድሊ» የሚሉትም እንደ እኔ ደንብ ይዘው ደንቡን ያለቦታው የወሰዱ ናቸው፤ «አይ ፊል ባድ» ነው።

የዚህ ሳምንት ቅጂ ላይ ሦስት ስህተት ነው ያገኘሁት፤ ሦስቱም «አይ ስሌፕት ጉድ»። ማታ እንቅልፍ እየጣለኝ የምለው ስለሆነ ይመስለኛል። አራተኛ የሚባል ካለ «ሂ ራን ፋስትሊ» ማለቴ ነው። «ፋስት» «ሊ» እንደማይጨመርበት፣ «ሃርድ» ላይ ሲጨመርበት ደግሞ «እምብዛም» ወደሚል እንደሚዞር አሁን ገና ነው የነቃሁት፤ ማመልከቻዬ ላይ «አይ ወርክድ ሃርድሊ» ብዬ ከላክሁ በኋላ።