የጅቡቲው አስር ደቂቃ ሐረር ሲደርስ

የተቀቀለ እንቁላል ለሁለት ስትከፍሉ አስኳሉን የከበበ፣ አረንጓዴም ግራጫም የሚመስል ቀለበት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። እንቁላሉ አልተበላሸም። መርዝም የለበትም። ወይ እሳት ላይ በዝቶ ቆይቷል፣ ወይ ከወጣ በኋላ ቶሎ አልቀዘቀዘም፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ሁለቱም።

ይህን ያወቅኩት ጅቡቲ፣ ሆቴል ውስጥ ቁርስ ክፍል ስሠራ ነው። ለድሬ ልጅ ጅቡቲ ስደትም አይመስልም። ባቡሩ አለ፣ ዘመድ አለ፣ ሙቀቱም ያው የለመድነው ነው፣ ትንሽ ይብስበታል እንጂ። ግን ለሰው ቁርስ ብሎ ከሌሊቱ አስር ሰዓት መነሳት ያው ስደት ነው። እዚያ እንግዳው ቀለበቱን ካየ ሳህኑን ይመልሳል፣ የተበላሸ ነገር ያቀረቡለት ይመስለዋል። ስለዚህ ሼፉ ሕጉ አንድ ነበር፦ ውሃው ሲፈላ እንቁላሉ ይገባል፣ አስር ደቂቃ፣ ከዚያ ቀጥታ በረዶ ውሃ ውስጥ። አንዴ "ለምን?" ብዬ ስጠይቀው እንቁላል ከፍቶ እያሳየኝ አስረዳኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጩ ክፍል ውስጥ ድኝ ያለባቸው ፕሮቲኖች አሉ። አስኳሉ ውስጥ ደግሞ ብረት አለ። ነጩ ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ከድኙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው በዚሁ ጋዝ ነው፣ እዚህ ግን መጠኑ በጣም ትንሽ ነው። ጋዙ ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው መሸሽ ይወዳል። እንቁላሉ እየተቀቀለ ሳለ ደግሞ ውጭው ትኩስ፣ መሃሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ስለዚህ ጋዙ ወደ ውስጥ፣ ወደ አስኳሉ ይሄዳል። አስኳሉ ጫፍ ላይ ብረቱን ያገኘዋል። ሁለቱ ሲገናኙ አይረን ሰልፋይድ ይሆናሉ፣ ያ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም እሱ ነው። መሃሉ ሳይነካ ዳር ዳሩ ብቻ የሚጠቁረውም ለዚህ ነው፣ የሚገናኙት ድንበሩ ላይ ነዋ።

ማቀዝቀዙ ሁለት ሥራ የሚሠራውም በዚህ ምክንያት ነው። አንደኛ፣ እንቁላል ከድስት ስለወጣ መብሰሉን አያቆምም፣ የያዘው ሙቀት ከውስጥ ማብሰሉን ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ ቅርፊቱ ሲቀዘቅዝ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ አሁን ቀዝቃዛው ውጭው ስለሆነ የቀረው ጋዝ አስኳሉን ትቶ ወደ ቅርፊቱ ይሄዳል። አንዴ የተሠራ ቀለበትን ግን በረዶም አያጠፋውም።

አሁን ወደ ሐረር ልውሰዳችሁ። ለአክስቴ ልጅ ምርቃት መጥቼ ነው። ዶሮ ወጥ ሊሠራ አርባ እንቁላል መቀቀል አለበት፣ አክስቴም "የሆቴሏ ሰው መጣች፣ እንቁላሉን አንቺ ያዢው" ብላ ድስቱን ሰጠችኝ። ሰዓቴን አውጥቼ አስር ደቂቃ ከመያዜ በፊት ግን ማሰብ ነበረብኝ። ጅቡቲ ከተማ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት፣ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደንገጎን ወጥታችሁ፣ አወዳይን አልፋችሁ ሐረር ስትደርሱ ከፍታው 1,900 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ውሃውም 94 አካባቢ ላይ ይንተከተካል። እሳቱን ብትጨምሩ የሚበዛው እንፋሎቱ ነው፣ ሙቀቱ እዚያው ነው። ስለዚህ ጅቡቲ በአስር ደቂቃ የሚበስል የፈረንጅ እንቁላል ድሬዳዋ አንድ ደቂቃ ከምናምን፣ ሐረር ደግሞ ሁለት ደቂቃ ያህል ተጨማሪ ይፈልጋል።

አቦ፣ ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አክስቴ የገዛችው ግን የሀበሻ እንቁላል ነው፣ ትንንሽ። ትንሽ እንቁላል ቶሎ ይበስላል። ከፍታው የጨመረውን መጠኑ መልሶ ቀነሰው፣ ሂሳቡ ዞሮ ዞሮ ወደ አስር ደቂቃ ተጠጋ። በትልቁ የፈረንጅ እንቁላል ቢሆን አስራ ሁለት እይዝ ነበር። ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ድስት ውስጥ መክተት ግን አይሆንም፣ ትልቁ በደንብ እስኪበስል ትንሹ ቀለበቱን ይሠራል።

አርባውን ባንዴ ለመክተትም እምቢ አልኩ። ያን ያህል ቀዝቃዛ እንቁላል ሲገባ የፈላው ውሃ ይበርዳል፣ እንደገና እስኪፈላ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፣ ያን ጊዜ ሰዓቱን ከየት እንደምትቆጥሩት አታውቁትም። ሃያ ሃያ አድርጌ ከፈልኩ። ሰፊ ድስት፣ ብዙ ውሃ፣ በጭልፋ ቀስ እያሉ ማስገባት፣ ውሃው ተመልሶ ሲንተከተክ እሳቱን መቀነስ። መጨረሻ ላይ አንዱን ሰብሮ ማየት ነው፤ አስኳሉ እስከ መሃሉ ረግቶ ቢጫው ካልገረጣ ልክ ነው። ፈዝዞ ዱቄት ዱቄት ካለ ዘግይታችኋል፣ ቀለበቱም ብዙ ጊዜ አብሮት አለ።

ማቀዝቀዣው ላይ ሐረር ከድሬ ትሻላለች። ድሬ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ሮቶ ያለበት ቤት ቧንቧ ብትከፍቱ የሚመጣው ውሃ ለመታጠቢያ እንኳ ይሞቃል፣ በእሱ እንቁላል አቀዘቅዛለሁ ማለት ራስን ማታለል ነው። በፌስታል የረጋ በረዶ ካልተገኘ ከማታ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ የገባ ውሃ ያስፈልጋል። ሐረር የማታው ውሃ በራሱ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን ሃያ ትኩስ እንቁላል የገባበት ሳፋ ወዲያው ለብ ይላል። ስለዚህ ውሃውን መለወጥ ግድ ነው፣ አክስቴ ውሃው ታሰባት እንጂ። "ልጄ፣ ውሃ በየቀኑ አይመጣም እኮ!" እውነቷን ነው፣ የደፋሁትን በባልዲ አጠራቅመን ለእቃ ማጠቢያ አደረግነው። መቀዝቀዙን የምታውቁት እንዲህ ነው፦ አንዱን አውጥታችሁ ደረቅ እጅ ላይ ጥቂት ያዙት። ቅርፊቱ ቀዝቅዞ የነበረ ከሆነና እጃችሁ ላይ እያለ ተመልሶ ከሞቀ ውስጡ ገና ነው፣ መልሱት።

ከዚያ ወጡ አለ። ብዙ ቤት ቀለበቱ የሚመጣው ሲቀቀል ሳይሆን እዚህ ነው። በጥንቃቄ የተቀቀለውን እንቁላል ልጠው፣ በቢላ ጫር ጫር አድርገው፣ ዶሮው እየተንተከተከ ሳለ ይከቱታል፤ እዚያ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ በርበሬው ስለሚሸፍነው ማንም አያይም፣ ሲቆረጥ ነው የሚታየው። አክስቴ "ወጡ ውስጡ እንዲገባ ነው" ትላለች። ወጡ በጫሩት በኩል ይገባል፣ ግን መንተክተክ አያስፈልገውም። ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ቢጨመር የድስቱ ሙቀት ይበቃዋል። በማግስቱ ወጥ ሲሞቅም እንቁላሉን ለይቶ አውጥቶ መጨረሻ ላይ መመለስ ነው።

አክስቴ አንድ ነገር ላይ ብቻ አሸነፈችኝ። እኔ እንቁላሉ የዛሬ ይሁን ብዬ ነበር፣ ምክንያቱም እንቁላል ሲቆይ ነጩ ውስጥ ያለው አሲድነት ይቀንሳል፣ ያኔ ጋዙ በቀላሉ ይወጣል፣ ቀለበቱም ይፈጥናል። እሷ ደግሞ የዛሬ እንቁላል ቅርፊቱ አይላቀቅም፣ ነጩን ይዞ ይነሳል፣ አርባውን ቆስሎ ለእንግዳ አላቀርብም አለች። ልክ ናት። ሳምንት ያህል የቆየውን ቀቀልን፣ ሰዓቱን ደግሞ እኔ ጠበቅኩ።