በሁለት ሲቪ መካከል የጠፋችው አንድ ዓመት

ጥር 2015 ዓ.ም. ነው። አንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት ለፋይናንስ ኦፊሰርነት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኝ ነበር። ሦስት ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። የሒሳብ ጥያቄዎቹን በደንብ መለስኩ። ልንጨርስ ስንል መሐል የተቀመጡት ሴት ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው ወደ እኔ አዞሩት።

«ይኼ አሁን ያስገባሽው ሲቪ ነው። ይኼኛው ደግሞ መስከረም ላይ እኛው ጋ ለኦዲተርነት ያመለከትሽበት። አንዱ የመጀመሪያ ሥራሽን በፈረንጅ አቆጣጠር በ2017 ጀመርሽ ይላል፣ ሌላው በ2018። ትክክለኛው የቱ ነው?»

ሁለቱንም የጻፍኩት እኔው ነኝ። ማስታወቂያው የሚጠይቀው 5 ዓመት ልምድ ነበር። ከ2017 ከተቆጠረ 5 ዓመት ከ4 ወር አለኝ። ከ2018 ከተቆጠረ ግን 4 ዓመት ከ4 ወር ብቻ ነው፣ መስፈርቱን አላሟላም። መስከረም ላይ የተጠየቀው 3 ዓመት ስለነበር ልዩነቱን ማንም ልብ አላለውም። አሁን ግን መስፈርቱ ሲጨምር የእኔም ልምድ አብሮ የጨመረ መሰለ።

«2017 ነው» አልኩ። ድምፄ ግን እርግጠኛ ሰው አይመስልም ነበር። የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በማግስቱ ወሰድኩላቸው፣ እነሱም ተቀበሉት። ሥራውን ግን አላገኘሁም። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ የነገረኝ የለም።

ቤት ገብቼ ስህተቱን ፈለግኩት። ደብዳቤዬ «ከመስከረም 1 ቀን 2010 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2012 ዓ.ም.» ይላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ያለውን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስንቀይር ዓመቱ ላይ 7 እንደምራለን፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8። ስለዚህ የጀመርኩት ሴፕቴምበር 2017፣ የጨረስኩት ጁላይ 2020 ነው። የሆነ ጊዜ ላይ ለሁለቱም 8 ደምሬ ነበር። ጥፋቱ እዚያ ቢያበቃ ቀላል ነበር። እኔ ግን ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ መጨረሻ የላክሁትን ሲቪ እከፍትና እሱን እየነካካሁ አዲስ እሠራለሁ። ስህተቱም ከቅጂ ወደ ቅጂ አብሮኝ ተጓዘ። ለፋይናንስ ኦፊሰርነቱ ግን ሲቪውን እንደ አዲስ ስለጻፍኩትና ደብዳቤውን አይቼ ስለሠራሁ ቀኑ ትክክል ሆነ።

ኮምፒውተሬ ላይ 14 ሲቪ አገኘሁ። ሁለቱን ዎርድ ላይ Review ውስጥ ባለው Compare ሳስተያያቸው ሌላም ጉድ ወጣ። አንዱ ላይ ደመወዝ ያዘጋጀሁላቸው ሠራተኞች ብዛት 64፣ ሌላው ላይ 70 ነበር። ለኦዲተርነት ስሠራ ስለ ንብረት ቆጠራ ያለውን መስመር አሳምሬዋለሁ። ቀጥሎ ለሒሳብ ሥራ ስሠራ ያንን መስመር ለቦታ ብዬ አጥፍቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ውስጥ ያ ሥራ ጭራሽ የለም። የሠራሁትን ሥራ ራሴው እያጠፋሁት ነበር ማለት ነው።

ድሮ የምሠራበት ቦታ የሰው ኃይል ኃላፊ የነበሩ፣ ሁላችን ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰው አሉ። ደወልኩላቸው። ታሪኩን ሰምተው «ልጄ፣ ለማንም የማይላክ አንድ ሲቪ ያስፈልግሻል» አሉኝ።

እሱን ለመሥራት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብኝ። መጀመሪያ ደብዳቤዎቼን ሁሉ ዘረጋሁ። የሥራ መደቡን ስምና ቀኑን ከደብዳቤው ላይ ብቻ ገለበጥኩ፣ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር። ጋሼ መደቡ ላይ በጣም ጥብቅ ነበሩ። ደብዳቤው «ጀማሪ አካውንታንት» ካለ ሲቪውም እንደዚያው ይላል። ለፋይናንስ ኦፊሰርነት ስታመለክቺ ያደመቅሽው ሥራ ይቀየር እንጂ መደብሽ አይቀየርም አሉኝ። ቀጣሪው ደብዳቤውን ሲያይ የሚያመሳስለው መጀመሪያ እሱን ነዋ።

ከዚያ በእያንዳንዱ መደብ ሥር የሠራሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ጻፍኩ፣ ትልቁንም ትንሹንም። እያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር ነው፣ ብቻውን ቢነበብም ትርጉም ይሰጣል። «በተጨማሪም» ወይም «ከላይ በተጠቀሰው» የሚል ቃል አላስገባሁም፣ ምክንያቱም መስመሩ ከቦታው ሲነሳ ይህ ቃል ብቻውን ይንጠለጠላል። ሲቪዬ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሦስት መስመር በአማርኛ ልንገራችሁ፦

«የ3 ቅርንጫፎችን የባንክ ሒሳብ በየወሩ አስታርቄያለሁ።» «የ64 ሠራተኞችን ደመወዝ በፒችትሪ አዘጋጅቻለሁ።» «በዓመታዊ የንብረት ቆጠራ ላይ ካርዱንና በእጅ ያለውን አመሳክሬ የልዩነት ሪፖርት ጽፌያለሁ።»

ከእያንዳንዱ መስመር አጠገብ ለየትኛው ሥራ እንደሚሆን በአንድ ፊደል ምልክት አደረግኩ። ሒሳብ «ሒ»፣ ኦዲት «ኦ»፣ የለጋሾች ሪፖርት «ለ»። የባንክ ማስታረቁ ሦስቱንም ያዘ። የቆጠራው «ኦ» ብቻ ነው። ሲያልቅ 9 ገጽ ሆነ። ከእሱ ሦስት መነሻ ሲቪ አወጣሁ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ገጽ። ለየማስታወቂያው አዲስ መነሻ አልፈጥርም። አራተኛ የሥራ ዓይነት ካልመጣ ሦስቱ ይበቃሉ።

አሁን ማስታወቂያ ሲወጣ የሚቀርበውን መነሻ እከፍትና Save As ብዬ በድርጅቱ ስም አስቀምጠዋለሁ። ማስታወቂያው ደጋግሞ የሚጠቅሳቸውን ሥራዎች አሰምርባቸዋለሁ። እነሱን የሚመለከቱት መስመሮች በየመደቡ ሥር ወደ ላይ ይወጣሉ፣ የማይመለከቱት ይቀነሳሉ። መጀመሪያ ላይ ያለውን የሦስት መስመር መግለጫ ብቻ እንደ አዲስ እጽፋለሁ። እዚያ ነው የድርጅቱን ሥራ ከእኔ ልምድ ጋር የማገናኘው። ቀኑን፣ ቁጥሩንና መደቡን አልነካም። ከዚያ በፒዲኤፍ እልካለሁ።

ከሁሉ ለመልመድ የከበደኝ አንድ ሕግ ነው። ለአንድ ሥራ ስዘጋጅ ጥሩ መስመር ብልጭ ካለልኝ የሚላከው ላይ አልጽፈውም። መጀመሪያ ዘጠኝ ገጹ ላይ እጽፈዋለሁ፣ ከዚያ ወደሚላከው እገለብጠዋለሁ። ስልክ ቁጥሬ ሲቀየርም እንደዚያው ነው። የተጣደፍኩ ዕለት ይህን ሁለት ጊዜ ጥሻለሁ፣ ሁለቱንም ጊዜ ዋናውና መነሻዎቹ ተለያዩ። ስለዚህ በየሦስት ወሩ በCompare አስተያያቸዋለሁ።

ኤክሴል ላይም አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አለኝ፦ ቀን፣ ድርጅት፣ መደብ፣ የላክሁት ፋይል። የማስታወቂያውን ጽሑፍም ከፋይሉ ጋር አስቀምጣለሁ። ማስታወቂያው ቀኑ ሲያልፍ ይነሳል፣ ለቃለ መጠይቅ የሚደወለው ደግሞ አንዳንዴ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ያኔ ምን ተጠይቆ ምን እንደላክሁ ማወቅ አለብኝ።

ባለፈው ዓመት ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ የሥራ ባልደረባዬ አንድ ማስታወቂያ ላከችልኝ። መቀበያው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። የለጋሾች ሪፖርት ሥራ ነው። የ«ለ»ን መነሻ ከፍቼ ማስታወቂያው የሚጠቅሳቸውን መስመሮች ወደ ላይ አወጣሁ፣ የማይመለከቱትን ቀነስኩ፣ መግለጫውን ጻፍኩ። 40 ደቂቃ ወሰደ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ተጠራሁ። ሰብሳቢው የልምድ ደብዳቤዬን ከሲቪው ጋር አስተያዩ፣ ጣታቸውን ቀኑ ላይ አሳርፈው አንገታቸውን በአዎንታ ነቀነቁና ስለ ባንክ ማስታረቁ ጠየቁኝ።