በ38 በ15.5 ሜትር ግቢ ውስጥ ስንት መኪና ይቆማል? የጎንደሩን ግቢ ያሰላሁበት መንገድ

ግቢው ጎንደር ውስጥ ነው፤ በድንጋይ አጥር የታጠረ፣ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው። ርዝመቱ 38 ሜትር ነው። የድንጋይ አጥር ቀጥ ብሎ ስለማይሄድ ስፋቱን በተለያየ ቦታ ለክቼ ጠባቡን 15.5 ሜትር ያዝኩ። ለአንድ መኪና 2.5 በ5 ሜትር መደብኩ።

መጀመሪያ 90 ዲግሪን ሞከርኩ። በሁለት ወገን ለማቆም 5 ሜትር፣ የ6 ሜትር መተላለፊያና እንደገና 5 ሜትር፣ በድምሩ 16 ሜትር ያስፈልጋል። ግማሽ ሜትር ጎደለ። በአንዱ ወገን 15 መኪና፣ በሌላው ከአጥሩ ጋር ትይዩ፣ ለእያንዳንዱ 6 ሜትር ርዝመት ተይዞ 6 መኪና ቢቆም 21 ይሆናል።

በ60 ዲግሪ ግን መኪናው አጋድሎ ስለሚገባ፣ ጉዞው አንድ አቅጣጫ ብቻ እስከሆነ ድረስ 4.2 ሜትር መተላለፊያ ይበቃል። የአንዱ ረድፍ ጥልቀት 5 × ሳይን 60 ሲደመር 2.5 × ኮሳይን 60፣ ማለትም 5.58 ሜትር ነው። ሁለቱ ረድፎች ከመተላለፊያው ጋር 15.36 ሜትር ይሆናሉ፤ ግቢው ይበቃቸዋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ባለው ቆጠራ ላይ ነው። እያንዳንዱ መኪና በአጥሩ ላይ የሚይዘው 2.5 ለሳይን 60 ተካፍሎ 2.89 ሜትር ነው። 38ን ለዚህ ቢያካፍሉት 13 ይወጣል፤ ትክክለኛው ግን 12 ነው። ያጋደለ መኪና ጫፍና ጫፍ ላይ ባዶ ሦስት ማዕዘን ይተዋልና የመጀመሪያው ብቻውን 4.67 ሜትር ይወስዳል፤ 2.89 የሚጨመረው ከእሱ ቀጥሎ ላሉት ነው።

```
n = 1 + floor((38 - 4.67) / 2.89) = 12
```

በሁለቱ ወገን 24 መኪና ሆነ። በ45 ዲግሪም አሰላሁት፤ መተላለፊያው ወደ 3.6 ሜትር ቢጠብም እያንዳንዱ መኪና በአጥሩ ላይ 3.54 ሜትር ስለሚወስድ 20 ብቻ ያዘ። የተረፈው ስፋት ደግሞ ለሌላ ረድፍ አይበቃም። ስለዚህ 60 ዲግሪን መረጥኩ። በሩ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን 21ዱን እመርጥ ነበር፤ በ4.2 ሜትር መተላለፊያ ውስጥ መኪና ዞሮ ወደመጣበት መመለስ አይችልም።

5.38 ሜትር የሚረዝመውን ሃይሩፍ ሚኒባስ ማሰብም ግድ ነው። በ60 ዲግሪ ሲቆም ወደ 33 ሳንቲ ሜትር ወደ መተላለፊያው ይወጣል፤ ፊት ለፊት ሁለት ከቆሙ መተላለፊያው 3.5 ሜትር ገደማ ይቀራል። ለእነሱ መውጫው በር አጠገብ፣ በአንድ ወገን ብቻ ቦታ መለየት ይሻላል።

መስመሩን ለመቀባት አንግል መለኪያ አያስፈልግም። በአጥሩ ላይ 3 ሜትር ለክቶ ከሁለቱ ጫፎች ሁለት የ3 ሜትር ገመድ ማገናኘት 60 ዲግሪ ይሰጣል። ምልክቶቹ በየ2.89 ሜትሩ፣ ሁሉም ከአንድ መነሻ ይለኩ፤ ከምልክት ወደ ምልክት ከተለካ ትንንሹ ስህተት ይጠራቀማል። ቀለም ቀቢው በልማድ 2.5 ሜትር ከያዘ ትክክለኛው የመኪና ማቆሚያ ስፋት ወደ 2.17 ሜትር ይወርዳል፤ ያኔ በር ከፍቶ መውረድ ይቸግራል።